«ለውዝ አልሰጠኋትም»፦ ለልጄ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ደብዳቤ

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ። የመጣ ደብዳቤ ገቢ የማደርገው፣ ቁጥር የምሰጠው፣ ፋይል ውስጥ የምከተው እኔ ነኝ። አንድ ወረቀት ማህተም ካረፈበት በኋላ ስንት ወር ማንም ሳያየው እንደሚተኛ እኔ አውቃለሁ። ይህን እያወቅኩ ለገዛ ልጄ ስጽፍ ያንኑ የሚተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ልጄ ልትሞትብኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው አራት ዓመቷ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ቆሎ ቀርቧል። የገብስ ቆሎ ነው፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ጣል ጣል የተደረገበት። ልጅ መቼም ገብሱን ትታ ኦቾሎኒውን ነው የምትለቅመው። ሩብ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ከንፈሯ አበጠ። አንገቷና ሆዷ ላይ ቀላ ቀላ ያለ ሽፍታ ወጣ። እናቴ አየት አደረገቻትና «ምች ነው፣ ፀሐይ ላይ ስትጫወት ነበር» አለች። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ በመዳፏ አሽታ ፊቷን ቀባቻት። ወደ ማታ እብጠቱ ጎደለ። ዳማከሴው አዳናት አልን፣ ረሳነው።

ቀላል የሆነ የአለርጂ ምልክት ከሰዓታት በኋላ በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ያን ቀን ምንም ባናደርግላትም ምናልባት ይጠፋ ነበር። እናቴን አልወቅሳትም፣ እኔም አብሬ አምኜ ነበር። ግን ያቺ ማታ ሦስት ወር አስከፈለችን።

ከሦስት ወር በኋላ ካፌ ገብተን ለውዝ ሻይ አዘዝኩ። ሁለት ጊዜ ፉት አለችልኝ። በዚያው አስታወከች፣ ሳል ያዛት፣ ድምጿ ሻከረ። ይዣት ሆስፒታል ሮጥኩ። የተቀበለን ሐኪም ስለ ሻዩ ከሰማ በኋላ «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆና ታውቃለች?» አለኝ። «አዎ፣ አንዴ ምች መትቷት ነበር» አልኩት። «ምች ሲመታት ምን በልታ ነበር?» አለኝ። እዚያው ቁጭ አልኩ።

ኋላ ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ድረስ ሄደን የደም ምርመራ አሠራን፤ የሐኪሙ ጥርጣሬ ትክክል ነበር። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ፦ ከምርመራው ወረቀት ይበልጥ የሚጠቅመው እናት የምትናገረው ነው። ምን በላች፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን ታየባት፣ ደግሞስ ሲበላ ያው ሆነ ወይ? የኦቾሎኒ አለርጂ ብዙ ጊዜ ከበሉት በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ይታያል። ያለፈው ቀላል ነበር ማለት ደግሞ የሚቀጥለውም ቀላል ይሆናል ማለት አይደለም። እናንተም ከጠረጠራችሁ ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን በወረቀት ጻፏቸው። ፎቶ ካነሳችሁም ጥሩ ነው፣ ሽፍታ ሐኪም ቤት እስክትደርሱ ሊጠፋ ይችላል።

እኔ በድንጋጤ ሌላ ስህተት ጨመርኩ። ኦቾሎኒ የጥራጥሬ ዘመድ ነው ሲሉኝ ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ ሁሉንም ከለከልኳት። በሁለት ወር ልጅቷ ከሳች። ቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሙ ተቆጣኝ። «አራት ዓመት ሙሉ ሽሮ በልታ ምን ሆነች?» አለኝ። ምንም። «እንግዲያው መልሺላት።» የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ሌላውን ጥራጥሬ ያለ ችግር ይበላሉ። ሐኪሙ አንድ ብቻ ለየብኝ፣ እሱንም ኋላ እነግራችኋለሁ። ለጎጃም ሰው ሳይነግሩ ማለፍ አይቻልም።

ስድስት ዓመቷ ላይ አንደኛ ክፍል ገባች። ትምህርት ቤቱ የግል ነው፣ ጠዋት አጥሚት ቀትር ላይ ምሳ ያበላል። 2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ለመማሪያ ይሁናችሁ ብዬ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

«ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ልጄ በትምህርት ቤታችሁ በመማር ላይ የምትገኝ ሲሆን የለውዝ አለርጂ ያለባት ስለሆነ ለውዝ እንዳይሰጣት አስፈላጊው ጥንቃቄ እንዲደረግልኝ ስል በትህትና እጠይቃለሁ። ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።»

ሲያዩት ያማረ ነው። ጸሐፊዋ ተቀብላ ገቢ አደረገችው፣ ቁጥር ሰጠችኝ። እኔም ቁጥሩን ይዤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ኋላ እንደሰማሁት ርዕሰ መምህሩ ለምክትላቸው መሩት፣ ምክትሉ ለክፍሏ መምህርት በቃል ነገሯት፣ መምህርቷ ወጥ ቤት ብቅ ብላ «አንደኛ ክፍል ያለችዋ ልጅ ለውዝ አትበላም» አለች። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ቀረ።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ የካቲት 21 ማክሰኞ። ጾም ሲገባ ወተቱም እንቁላሉም ይቀራል። ትምህርት ቤቱም አጥሚቱን «ጠንከር ያለ» ለማድረግ ምጥን ዱቄት አስፈጭቶ ነበር። እኔ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ፋይል እፈልጋለሁ። ሳወጣው ሦስት ያመለጠ ጥሪ አለበት።

ልጄ አጥሚቱን ጠጥታ ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየች በኋላ ከንፈሯን ማከክ ጀመረች። ቀጥሎ አስታወከች። መምህርቷ ሆዷን የታመመች መስሏት ሽንት ቤት ድረስ በእግሯ ወሰደቻት። ፊቷን አጠበቻት፣ እንደገና አስቀመጠቻት። ከዚያ ሳል መጣ። ድምጿ እንደ ጎረምሳ ጎረነነ። አንድ ልጅ ሲያስታውክ ሆድ ቁርጠት ብሎ ማሰብ የማንም ሰው ነው። ትውከት፣ ሽፍታና ሳል ባንድ ላይ ሲመጡ ግን የሆድ ነገር አይደለም። ይህን ለመምህርቷ የነገራት የለም። ደብዳቤዬም አልነገራትም።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባጃጅ አስቁሞ ጤና ጣቢያ አደረሳት። እኔ ስደርስ ነርሱ ጭኗ ላይ አድሬናሊን ወግቷት ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትንፋሿ ስላልተስተካከለ ደገማት። ከዚያ በኋላ ነው ፊቷ ሰው የመሰለው። እስከ ማታ ድረስ አልለቀቋትም፤ አንዳንዴ ካገገሙ በኋላ ከሰዓታት ቆይቶ ምልክቱ ሊመለስ ይችላልና። ነርሱ አንድ ነገር አለኝ፦ «ሁለተኛ እንዲህ ስትሆን አስተኟት፣ እግሯን ከፍ አድርጉላት። መተንፈስ ካቃታት ደግፋችሁ አስቀምጧት። ግን አታስነሷት፣ አታራምዷት።» ሽንት ቤት ድረስ የተራመደችው ትዝ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ለመጣላት ነው የሄድኩት። ቀጥ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ወጥ ቤቷ፣ ሁሉም እትዬ ነው የሚሏት፣ ስታየኝ ማልቀስ ጀመረች። «ልጄ፣ በማርቆስ ይዤሻለሁ፣ ለውዝ አልሰጠኋትም። ለውዝ የሚባል ነገር እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም» አለች።

«አጥሚቱ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ምጥን ነዋ።»

«ምጥኑ ውስጥ ምን ምን አለ?»

በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። «ገብስ። ስንዴ። አጃ። ሽምብራ። ለጥፍጥና ትንሽ ኦቾሎኒ።»

ዝም ተባባልን። እሷ አልዋሸችም። ለእሷ ለውዝ ማለት በፕላስቲክ ታሽጎ ሱቅ የሚሸጠው፣ ካፌ ሻይ ውስጥ የሚገባው የከተማ ሰው ነገር ነው። ከገበያ በጣሳ ሰፍራ የምትገዛው፣ ቆልታ ከእህል ጋር የምታስፈጨው ደግሞ ኦቾሎኒ። እኔ ሁለቱን ስም እያቀያየርኩ ስለምጠራ አንድ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል ብዬ ነው። ደብዳቤዬ ውስጥ አንዴም ኦቾሎኒ የሚል ቃል የለም። ደግሞም «እንዳይሰጣት» ብዬ ነው የጻፍኩት። ማንም አልሰጣትም። ተፈጭቶ ነው የገባላት።

እዚያው ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሁለተኛውን ደብዳቤ ማሰብ ጀመርኩ። እትዬን ነው የጠየቅኳት እንጂ ርዕሰ መምህሩን አይደለም። ዱቄቱን ማን ይገዛል? የት ይፈጫል? ኦቾሎኒውን በየትኛው ምጣድ ትቆያለሽ? ጭልፋው ስንት ነው? መጀመሪያ ለማን ይቀዳል? ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። ወጥ ቤቱን ሳታዩ የምትጽፉት ደብዳቤ ምን መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም።

ከእሷ የተማርኩት ብዙ ነው። ኦቾሎኒ የተቆላበት ምጣድ ላይ ዘይቱ ይቀራል፣ ለልጄ ዳቦ እዚያው ላይ ቢጋገር ያው ነው። ሲበስል ይጠፋል የሚል እምነትም ነበራት። አይጠፋም፤ እንዲያውም መቁላት ያብሰዋል። ከሁሉ ያላሰብኩት ግን ወፍጮ ቤቱን ነው። ትምህርት ቤቱ ኦቾሎኒውን ቢተው እንኳ ከእኛ በፊት የነበረው ደንበኛ ምጥን ካስፈጨ፣ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ከእኛ ዱቄት ጋር ይወጣል።

ሁለተኛው ደብዳቤ ይኸውላችሁ። ስሞቹን አውጥቻለሁ፣ ቀሪው እንዳለ ነው።

«የካቲት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ኦቾሎኒ (ለውዝ) የሌለበት ምግብ ለልጄ እንዲዘጋጅላት ስለመጠየቅ

የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ኦቾሎኒ ብትበላ ትንፋሿ ሊዘጋ ይችላል። ኦቾሎኒና ለውዝ የምንለው አንድ ነገር ነው። ቆሎ ውስጥ ሙሉውን፣ በምጥን ዱቄት ተፈጭቶ፣ በለውዝ ቅቤ፣ በለውዝ ሻይ፣ በአንዳንድ ብስኩት፣ ቸኮሌትና የጾም ኬክ ውስጥ ይገኛል። የካቲት 21 ቀን በአጥሚት ውስጥ በገባ ምጥን ምክንያት ታማ ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ አድሬናሊን ተወግታለች። የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ።

ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ወተትና እንቁላል ትበላለች። የተለየ ምግብ እንዲሠራላት አልጠይቅም። የምጠይቀው የሚከተሉትን ነው።

1ኛ. የአጥሚቱ ምጥን ለሁሉም ልጆች ያለ ኦቾሎኒ እንዲዘጋጅ። ሽምብራውን በመጨመር ጥፍጥናውን ማካካስ ይቻላል። ወጪውም ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

2ኛ. ዱቄቱ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ሲከፈት እንዲፈጭ፣ መጀመሪያ የሚወጣው 5 ኪሎ ያህል ለብቻ ተይዞ ለእሷ እንዳይሰጥ።

3ኛ. ለእሷ አንድ ጭልፋ፣ አንድ ሳህንና አንድ ኩባያ ለብቻ እንዲቀመጥ። እኔ ገዝቼ አመጣለሁ። ከሌሎቹ በፊት እንዲቀዳላት።

4ኛ. ልጆቹ ከምሳ በኋላ በውሃና በሳሙና እንዲታጠቡ። የእጅ አልኮል ኦቾሎኒን አያነሳም።

5ኛ. ከንፈሯ ካበጠ፣ ካስታወከች፣ ካሳላት ወይም ድምጿ ከተለወጠ በተያያዘው ገጽ ላይ ያለው እንዲፈጸም።

ከአንድ ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የትኛው እንደሚቻል፣ የትኛው እንደማይቻልና ማን እንደሚከታተለው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

ግልባጭ፦ ለምግብ ዝግጅት ክፍል፤ ለአንደኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት፤ ለወላጅ መምህራን ኅብረት፤ ለጥበቃ ክፍል»

ለጥበቃ ክፍል ግልባጭ ማድረጌን አይቶ ምክትሉ ሳቁ። ባጃጁን ያስቆመው ማን ሆነና!

ስለ ጥቂቶቹ ልንገራችሁ። «የሚበላውን» መጻፍ ያስፈለገው ከዚህ በፊት እኔ እንዳደረግኩት በፍርሃት ሁሉን እንዳይከለክሏት ነው። «በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ያልኩት ደግሞ መዝገብ ቤት ስለምሠራ ነው፤ መልስ የሚጠብቅ ደብዳቤ መዝገብ ውስጥ አይዘጋም፣ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ማን እንደሚከታተለው ካልተጻፈም ሁሉም ይከታተላል፣ ማለትም ማንም።

መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤቱ ያቀረበልኝ ሁለት ሐሳብ ነበር። አንደኛው፣ ምሳ ዕቃ ቋጥረሽ ላኪላት። እኔም አስቤው ነበር። ግን እኛ አገር ልጆች ምሳ ሲበሉ ይጎራረሳሉ። አንዷ የቋጠረችውን ለሌላዋ ሳታጎርስ አትበላም። ስድስት ዓመት ልጅን «ጓደኛሽ ስታጎርስሽ እምቢ በይ» ማለት እኮ ስደቢያት እንደማለት ነው የሚሆንባት። ሁለተኛው፣ ለብቻዋ ትቀመጥ አሉ። እምቢ አልኩ። በመጨረሻ የተስማማነው አብረዋት የሚቀመጡ አራት ልጆች ተመርጠው፣ ወላጆቻቸውም ተነግሯቸው፣ እነሱ ከቤት ቆሎም ኬክም እንዳያመጡ ነው። መጎራረስ ካለባቸው ከትምህርት ቤቱ ምሳ ይጎራረሱ።

«ታዲያ ኦቾሎኒ ከግቢው ጨርሶ ይከልከል?» ሲሉ ርዕሰ መምህሩ ጠየቁኝ። ይህን አልጠየቅኩም። አንድ ልጅ አጠገቧ ቆሎ በመብላቱ ብቻ፣ ሽታው ብቻ፣ እንደዚያ ቀን አይነት ነገር ብዙም አያመጣም፤ አደጋው አፏ ሲገባ ነው። የማይፈጸም ነገር ከጠየቅኩ የሚፈጸመውም አብሮ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ ሕፃን ሁሉን ወደ አፉ የሚከትበት መዋዕለ ሕፃናት ቢሆን ሌላ እል ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጋጨን። «ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱን ወላጅ ይወስዳል» የሚል ወረቀት አቀረቡልኝ፣ ፈርሚ አሉኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጧችሁ አትቅደዱት፣ አትፈርሙትም። እኔ እስክሪብቶ አውጥቼ ከሥሩ ጨመርኩበት፦ «ወላጅ የሐኪም ማስረጃ፣ ዕቃና መድኃኒት ያቀርባል፤ ትምህርት ቤቱ ከ1ኛ እስከ 5ኛ የተጠቀሱትን ይፈጽማል።» የላይኛውን ዐረፍተ ነገር ሰረዝኩት። ርዕሰ መምህሩ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፈረሙ። ፈርመው ሲጨርሱ «የእኔም የልጅ ልጅ አስም አለበት» አሉኝ። ምነው ቀድመው በነገሩኝ!

የተያያዘው ገጽ የሐኪሙ ነው። አምስት መስመር ብቻ ነው፣ በትልቅ ጽሑፍ። በራሱ የሚወጋ የአድሬናሊን እስክሪብቶ እዚህ ፈልጌ አላገኘሁም። ያለው አምፑል ነው፣ 1 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 1 ሚሊ ግራም የያዘው። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ፣ ለአንድ ኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም፣ ያኔ 20 ኪሎ ለነበረችው ልጄ ሐኪሙ 0.2 ሚሊ ሊትር ብሎ ጻፈ። ስትወፍር ይቀየራል፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ እናስጽፈዋለን። መርፌውን ትምህርት ቤት ውስጥ የሚወጋ ባለሙያ ስለሌለ ጤና ጣቢያው ድረስ መድረስ አለባት። ስለዚህ ገጹ ላይ የሁለት ባለ ባጃጆች ስልክ አለ። ጤና ጣቢያው ሄጄም አድሬናሊን ሁልጊዜ መኖሩን ጠየቅኩ። አንዴ አልቆ አገኘሁት፣ ከዚያ ወዲህ አንድ አምፑል ገዝቼ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ከቦርሳዋ ኪስ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ብርሃንና ሙቀት አይወድም፣ ቀኑም ያልፋል። የሚያሳክክ ሲሆን የሚሰጠው ሴትሪዚን ደግሞ ሽፍታውን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ትንፋሽ አይከፍትም። መምህርቷ መጀመሪያ እሱን ሰጥታ እንዳትጠብቅ ይህንንም አስጻፍን።

እትዬ ማንበብ ብዙም አይሆንላትም። ለእሷ ደብዳቤውን አልሰጠኋትም፣ ሥዕል አሠራሁላት። በልጣጩ ያለ ኦቾሎኒ፣ የተፈለፈለ ኦቾሎኒ፣ ላዩ ላይ ትልቅ ቀይ መስመር፣ ከጎኑ የልጄ ፎቶ። ምድጃው ፊት ለፊት ለጠፈችው። ጢሱ ሦስት ወር ሳይሞላ አጠቆረው፣ ሌላ አሠራን፣ በላስቲክ አስለበድነው።

አሁን ሐኪሙ ለየብኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። ግብጦ ነው። የባለቤቴ ዘመዶች ዳንግላ አካባቢ ናቸው፣ እዚያ ግብጦ የሌለበት ቤት የለም። ምሬቱ እንዲለቅ ቆልተው ወይም ቀቅለው ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ከዚያ እንደ ቆሎ ይበላል። ግብጦና ኦቾሎኒ ግን ሰውነት አንዱን በሌላው ሊያምታታቸው የሚችል ዘመዳሞች ናቸው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ሁሉ ግብጦ አይስማማውም ማለት አይደለም፤ ከሽሮና ከምስር ይልቅ ግን ግብጦ ላይ የሚታመሙ ይበዛሉ። ሐኪሙ «ሳይመረመር አንዲት ፍሬ እንዳትቀምስ» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ረሳሁት። ግብጦን ማን ትምህርት ቤት ያመጣዋል ብዬ።

ግንቦት ላይ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እማዬ፣ አያ ዘበኛው ግብጦ ሊሰጠኝ ነበር» አለችኝ። ልቤ ቀጥ አለ። «ታዲያ?» አልኳት። «ወረቀቱን አየና መልሶ ኪሱ ከተተው፣ እናትሽን ጠይቂ አለኝ።» በጥበቃው ቤት የተለጠፈው ግልባጭ ላይ ግብጦ የሚል ቃል የለም። ሰውየው ግን ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ያን ቀን አይቷታል።

በማግስቱ ሄጄ በአራቱም ግልባጭ ላይ በእስክሪብቶ «ግብጦም» ብዬ ጨመርኩ። አያ ዘበኛው «ይኼን መቼም በሥዕል አሠሪው፣ እኔ ነኝ ዋናው አምጪ» አለኝ። አሠራሁለት።

አሁን ሦስተኛ ክፍል ጨርሳለች። ከዚያ ወዲህ አልታመመችም ማለት አልችልም፣ አንዴ የልደት ኬክ ቀምሳ ከንፈሯ አብጧል። ከሁሉም ግን የማልረሳው የስልክ ጥሪ አለ። ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ፣ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬ ጠራ። መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ትቻለሁ። እትዬ ናት።

«ልጄ፣ አዲስ ዱቄት መጥቷል። ያስፈጨው ሌላ ሰው ነው፣ ወፍጮ ቤቱን አላውቀውም። ነይና እይው፣ አልከፈትኩትም።»

ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።